አንድ ለዐሥር ሺህ

መምህር ወልደተንሣኤ አንኮበር ጎረቤላ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ ሲያስተምር ጠመኔውን እንኳ ለማንም አውሶ አያውቅም፤ ክፍለ ጊዜውንማ ተዉት! ስለዚህ የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህርቷ ብርነሽ መጥታ «ጋሼ፣ የእርስዎን ውድርና የእኔን የካርታ መስፈርት በአንድ ዕቅድ አብረን እናስተምር» ስትለው ሳቀባት።

«ሒሳብና ካርታን ምን አገናኛቸው?»

«መስፈርት ማለት እኮ ውድር ነው ጋሼ። ካርታው ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር፣ መሬት ላይ ዐሥር ሺህ ሴንቲ ሜትር። አንድ ለዐሥር ሺህ! እርስዎ ጋ ውድር አልገባቸውም፣ እኔ ጋ መስፈርት አልገባቸውም። ልጆቹ ደግሞ ያው ናቸው።»

እውነቷን ነው። ከሰባተኛ «ለ» አርባ ስምንት ልጆች የውድርን ፈተና ያለፉት ዐሥራ አንድ ብቻ ነበሩ። አፍሮ ለሚስቱም አልነገራትም። «እሺ፣ እንሞክረው» አላት።

ርዕሰ መምህሩ ግን ቁጥብ ሰው ናቸው። «ሁለት ክፍለ ጊዜ የማጣምርላችሁ ከሦስት ሳምንት በኋላ ያለውን ሐሙስ ብቻ ነው» አሉ። «ሱፐርቫይዘሩ አቶ ቴዎፍሎስ ያዩታል። ካመኑበት እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይቀጥላል፣ ካላመኑበት እያንዳንዳችሁ ወደየክፍላችሁ!»

ብርነሽ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ሜትር ስትጎትት ከርማ የትምህርት ቤቱን አካባቢ በትልቅ ወረቀት፣ በኤ ስሪ፣ ነደፈችው። በሩ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ምንጩ፣ ሁሉም አለ። ከላይ «1፡10,000» ብላ ጻፈች፤ ከታች ደግሞ አራት ሴንቲ ሜትር መስመር አስምራ ጫፎቹ ላይ «0» እና «400 ሜትር» አለችበት። የትምህርት ቤቱ ኮፒ ማሽን ከተኛ ቆይቷል፤ ወልደተንሣኤ ደግሞ ሰኞ መነጽሩን ሊያስቀይር ደብረ ብርሃን መሄዱ ስለነበር ካርታውን አስያዘችው።

«አደራ ጋሼ፣ ልክ እንዳለ ይሁን።»

«አንቺ ልጅ፣ ወረቀት ኮፒ ማስደረግ ታስተምሪኝ?»

ደብረ ብርሃን ላይ ኮፒ የምትሠራው ልጅ ትልቁ ወረቀት አልቆባታል። «ሃምሳ ፐርሰንት ላድርገውና አንድ ኤ ፎር ላይ ሁለት ሁለት ይውጣልዎት?» አለችው። ወልደተንሣኤ ዓይኑ በራ። በሃያ አራት ወረቀት አርባ ስምንት ካርታ! ለአራት ልጅ አንድ መስጠት ቀርቶ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ! «ተባረኪ፣ ሃምሳ አድርጊው!» አላት። ከዚያ እየቆረጠ አሰናዳና ብርነሽን ሊያስደንቃት እስከ ሐሙስ ደብቆ አቆየው። ዋናውን ካርታ አጣጥፎ ኮቱ ኪስ ከተተ።

ረቡዕ ልጆቹን ይዘው ወጡ። በመጀመሪያ ሠላሳ ሜትር በሜትር ለክተው አራመዷቸው፤ ሃምሳ እርምጃ ሆነ፣ የአንዱ እርምጃ ስድሳ ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ቀጥሎ ከበሩ እስከ ወፍጮ ቤቱ አስቆጠሯቸው። አንኮበር ውስጥ «እዚችው ናት» ከተባልክ ስንቅህን መያዝ ነው፤ ይህ መንገድ ግን፣ ምስጋና ለፈጣሪ፣ ቀጥ ያለ ሜዳ ነው። አብዛኛው ልጅ አንድ ሺህ እርምጃ አካባቢ ቆጠረ። ስድስት መቶ ሜትር።

ሐሙስ ደረሰ። አቶ ቴዎፍሎስ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ማስታወሻቸውን ዘረጉ። ወልደተንሣኤ ካርታዎቹን ሲያድል ብርነሽ «ለእያንዳንዱ? ጋሼ ይባረኩ!» አለችውና ሳታስተውል ወደ ሰሌዳው ዞረች። «በማስመሪያ ከበሩ እስከ ወፍጮ ቤቱ ለኩ፤ በዐሥር ሺህ አባዙ፤ ወደ ሜትር ቀይሩ። መልሱ ትናንት ከቆጠራችሁት ጋር ይመሳሰላል።»

አልተመሳሰለም። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ የምትኖረው ማኅደረማርያም እጇን አወጣች፤ የውድርን ፈተና ከወደቁት አንዷ ናት። «ቲቸር፣ ካርታው ውሸታም ነው። ሦስት ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሠላሳ ሺህ ሴንቲ ሜትር፣ ሦስት መቶ ሜትር። እኔ እኮ በየቀኑ የምመላለስበት መንገድ ነው!»

«እኔም ሦስት መቶ!» «እኔም!» ክፍሉ ተንጫጫ።

ብርነሽ ፊቷ በርበሬ መሰለ። «ምናልባት... ስለካ ተሳስቼ ይሆናል» አለች በቀጭን ድምፅ። አቶ ቴዎፍሎስ አንድ ነገር ጻፉ።

ወልደተንሣኤ አንዱን ካርታ አንሥቶ አየው። ሃምሳ! ሃምሳ አድርጊው ብሎ! የውድር መምህሩ ራሱ ውድሩን አበላሽቶ መጥቷል። ወይ ጉድ! ዝም ቢል ማን ያውቃል? ግን ብርነሽ ሦስት ቅዳሜ የለፋችበት ሥራ ዓይኑ እያየ ሊወድቅ ነው። ብድግ አለና «እስቲ ታች ያለችውን መስመር ለኩ» አለ።

«ሁለት ሴንቲ ሜትር!»

«ስንት ሜትር ይላል?»

«አራት መቶ!»

«እንግዲያው አንዱ ሴንቲ ሜትር?»

ማኅደረማርያም ማንም ሳይቀድማት ተነሣች። «ሁለት መቶ ሜትር! ሦስት ጊዜ ሁለት መቶ፣ ስድስት መቶ! መስመሯ ልክ ናት፣ የተሳሳተው ከላይ ያለው ቁጥር ነው!» ከዚያ ትንሽ አሰበች። «ሁለት መቶ ሜትር ሃያ ሺህ ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ለሃያ ሺህ መባል ነበረበት። ወረቀቱን ሰው አሳንሶታል ጋሼ! ሲያንስ መስመሯም አብራ አነሰች፤ ቁጥሩ ግን የተጻፈ ነው፣ አይለወጥም።»

«አሃ!» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ወጣ። ወልደተንሣኤ በሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ «አሃ» ሰምቶ አያውቅም።

አቶ ቴዎፍሎስ ብዕራቸውን አስቀምጠው ተነሡ። «ድንቅ ነው! ሆን ብላችሁ የተሳሳተ ካርታ ሰጥታችሁ ራሳቸው እንዲደርሱበት አደረጋችሁ። እንዴት ያለ ዘዴ ነው!»

ብርነሽ ግራ ገብቷት ወደ ወልደተንሣኤ አየች። «አዎ» ቢል ያበቃ ነበር፤ ክፍለ ጊዜውም ክብሩም ይተርፋሉ። ግን ማኅደረማርያም አሁንም ቆማለች፤ ያሳነሰው ማን እንደሆነ መስማት ትፈልጋለች። ይቺን ልጅ መዋሸት አልሆንለት አለ።

«የለም ጌታዬ፣ ዘዴ አይደለም» አለና ዋናውን ካርታ ከኪሱ አወጣ። «ልክ እንዳለ ይሁን ተብዬ ነበር። ወረቀት ልቆጥብ ብዬ በግማሽ ያሳነስኩት እኔ ነኝ። የብርነሽ ሥራ ጥፋት የለበትም። ማኅደረማርያም፣ ነይ ለኪው።»

ለካች። «ስድስት ሴንቲ ሜትር!» አለች፤ ከዚያም በመደነቅ «ጋሼ፣ እርስዎም ይሳሳታሉ?»

«በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ጊዜ።»

«ይቺ ውድር እንኳ ትጣራ» አለች ብርነሽ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ አቶ ቴዎፍሎስም ሳቁ። ሲወጡ በሩ ላይ የወልደተንሣኤን እጅ ጨበጡና «ዕቅዱ ይቀጥል። ስህተቱም ይጻፍበት፣ ከነባለቤቱ» አሉ።

ሰኞ በተለጠፈው የጋራ ዕቅድ ላይ «ኮፒ የምታስደርገው፦ ብርነሽ» የሚል አዲስ መስመር ነበር።

የዚያን ሐሙስ ምሽት ግን ወልደተንሣኤ የልጆቹን ደብተር ሲያርም ቆየ። የማኅደረማርያም ላይ ሲደርስ በሦስት መስመር ጥርት ብሎ የተሠራ አንድ ለሃያ ሺህ አገኘ። ቀጥሎ ያለውም ልክ ነው፤ የሚቀጥለውም። መነጽሩን አወለቀና ሚስቱን ጠራት። ከዚያ ሲደብቃት የሰነበተውን፣ ዐሥራ አንድ ልጅ ብቻ ማለፉን ነገራት፤ የኮፒውንም ነገር አስከተለላት።

«ሃምሳ አድርጊው አልካት? አንተ?» አለችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እሱም አብሯት ሳቀ።