ባዶ መንጠቆ

የሥራ ጓደኞቹ «አሞራው» የሚሉት ክሬን ነጂ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ከሰው አናት በላይ ሲሠራ አንድም ቀን ዋሽቶ አልፈረመም። ጠዋት ወደ ጋቢናው ከመውጣቱ በፊት የሚሞላት ቅጽ አለች። መጠጥ ቀምሰሃል? መድኃኒት ወስደሃል? ለስንት ሰዓት ተኛህ? ሌላው ሠራተኛ ወሬ እያወራ ይሞላታል፤ እሱ ግን መነጽሩን አድርጎ፣ ቁጭ ብሎ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ከሦስተኛው ጥያቄ ፊት ለፊት «ሦስት ሰዓት» ብሎ ጻፈ።

የሥራው ኃላፊ የሆነው መሐንዲስ ቅጿን አየና ጭንቅላቱን አከከ። «አንተ ሰው፣ ስድስት ብትል ማን ያውቅብሃል?»

«እኔ።»

ከአምስት ሰዓት በታች የተኛ አይወጣም፤ ሕግ ነው። ማክሰኞም ሦስት፣ ረቡዕም ሁለት ተኩል ሲጽፍ ከጋቢናው ወርዶ መጋዘን ገባ፤ ብሎን ቆጣሪ ሆነ። የሚገነቡት ሆስፒታል አልቆ የቀረው አንድ ትልቅ ጭነት ብቻ ነበር፤ ጣሪያው ላይ የሚቀመጠው የውኃ ታንከር። ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። መሠረቱን ያነሣ እጅ ጣሪያውን ለሌላ ሊተው ነው። ይህ ነበር የሚከነክነው።

እንቅልፍ የሚነሳው አንድ ሕልም ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የማሰሪያ ገመድ ተበጥሶ አንድ እስር ብረት ወድቆ ነበር። ያረፈው ምድር ላይ ሆኖ በእጁ ምልክት ከሚሰጠው ጓደኛው ሦስት እርምጃ ርቆ ነው፤ ማንም አልተጎዳም። በሕልሙ ግን ያቺ ሦስት እርምጃ የለችም። ፍሬኑን ይጫናል፤ ፍሬኑ እንደ ሊጥ ይሰምጣል። ጓደኛው ቀና ብሎ ያየዋል። ከዚያ በላብ ተጠምቆ ይነቃል። ያን ጊዜ ለጥቂት ወር አሠቃይቶት ተወው ሲባል፣ ሰሞኑን በሳምንት አራት አምስት ቀን ይመጣበት ጀመር። እሱም መተኛቱን ፈርቶ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ማምሸት ለመደ።

«ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» አለችው ሚስቱ። «ነገ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። እንቢ ካልክ ተሸክሜህ እሄዳለሁ፤ ክሬን አንተ ብቻ አይደለህም።»

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ በዕድሜ ልጁን ታክላለች። ስለ ሕልሙ ከመጠየቋ በፊት ስለ ሌላው ሁሉ ጠየቀችው። ሥራው ከሦስት ወር ወዲህ አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት ሆኗል። በዚያው ሰሞን አዲስ የደም ግፊት ኪኒን ጀምሯል። መጋዘን ከገባ ወዲህ ደግሞ እንቅልፍ እንዲወስደው ማታ ማታ ሁለት ብርጭቆ አረቄ።

«ጋሼ፣ አረቄው መጀመሪያ ያስተኛል፣ ወደ ንጋት ላይ ግን ቅዠቱን ይጠራል። የእንቅልፍ ሰዓት መዘበራረቅም እንደዚያው። ከግፊት ኪኒኖችም ቅዠት የሚያመጡ አሉ፤ ሐኪምዎን እናማክራለን፣ ራስዎ ግን እንዳያቋርጡ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ ድንጋጤ አለ፤ ትልቁ ጭነት ሲቃረብ ተቀሰቀሰ።»

ከዚያ ወረቀት ሰጠችው። ሕልሙን ይጻፍ፤ ቀጥሎ ደስ እንዳለው ይለውጠው፤ አዲሱን በየቀኑ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዐሥር ሃያ ደቂቃ ዓይኑን ጨፍኖ በሐሳቡ ይየው።

አሞራው ወረቀቱን ገፋ አደረገው። «የሆነውን ለውጠህ ጻፍ? እኔ መዝገብ አላጭበረብርም፣ ልጄ።»

«ሕልሙ እኮ የሆነው አይደለም። የሆነው ሦስት እርምጃ ነው። ሕልምዎ ነው የሚዋሸው።»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

በሳምንቱ ሲመለስ ከፊቱ ላይ እንቅልፍ ብቻ ሳይሆን ተስፋም ጎድሎ ነበር። «ባሰብኝ» አለ።

«እስቲ የጻፉትን።»

ጥቅጥቅ ያለ ጽሕፈት ነበር። የነፋሱ ፍጥነት፣ የጭነቱ ክብደት፣ የገመዱ ውፍረት። ብረቱ ይወድቃል፤ እሱ ሁለተኛውን ፍሬን ይይዛል፤ ይህ ካልሠራ የክሬኑን ክንድ ወደ ግራ ያዞራል፤ ይህም ካልሠራ... ሰባት ዓይነት ማዳኛ ዘርዝሮ ነበር።

ባለሙያዋ ፈገግ አለች። «ጋሼ፣ ይህ የአደጋ ምርመራ ነው። በቀን ሃያ ደቂቃ ብረቱን ሲጥሉት ነው የከረሙት። አሮጌውን ነው የተለማመዱት! አዲሱን ከመጀመሪያው ይጀምሩ፤ መውደቁ ጋ አይድረሱ። ደግሞ እውነት መምሰል የለበትም። ሕልም ነው፤ የፈለጉትን ያድርጉት።»

«የፈለግሁትን» አለ፣ ሰው ሁሉ ቀላል የሚለው ነገር የከበደው ሰው ሆኖ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ጉዳዩን ለዚያው ለምልክት ሰጪው አጫወተው። ምልክት ሰጪው ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና፣ «እስካሁን ስንቴ ገደልከኝ?» አለ።

«መቶ ሳትሞላ አትቀርም።»

«ምነው! አንዴ እንኳ በወጉ ሳታለቅስልኝ?» እጁን ከሱሪው ላይ ጠረገ። «ይልቅ ስማኝ። ከባድ ጭነት ከማንሣታችን በፊት ምን እናደርጋለን?»

«ባዶ መንጠቆ እናዞራለን።»

«ከታች እስከ ላይ፣ አንድም ነገር ሳይንጠለጠልበት። ጭነቱን እንዳለ ቆጥረን። ታዲያ ያን ጊዜ ውሸታም ትባላለህ?»

አሞራው ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ባዶ መንጠቆ አዙሯል። እጅ መንገዱን እንዲያውቀው ነው፤ ጭነቱ በመጣ ቀን እጅ የሚሄደው የለመደበት ነው። ማንም ሞኝ ነው አላለውም፣ ማንም አጭበርባሪ አላለውም።

ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ ውስጥ፣ ብሎን ካርቶን ላይ ተቀምጦ፣ ሕልሙን እንደ አዲስ ጻፈው። ጠዋት ነው። ጋቢናው ውስጥ ነኝ፤ ፍሬኑ ከእግሬ በታች ጠንካራ ነው። ብረቱን አነሣለሁ፤ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይቀላል። መልሼ ሳወርደው እንደ ላባ እየተንሳፈፈ ይወርዳል። ጓደኛዬ ባንድ እጁ ይቀበለውና አጣጥፎ ኪሱ ይከተዋል። ቀና ብሎ፣ «ሌላ አለህ?» ይለኛል።

ብቻውን ሳቀ። መጋዘን ጠባቂዋ በሩን ከፍታ አየችውና ቀስ ብላ መልሳ ዘጋችው።

ለምልክት ሰጪው አንዴ አነበበለት፤ ከዚያ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ሃያ ደቂቃ ያቺን ሕልም በሐሳቡ አዞራት። አረቄውን ተወ፤ ሐኪሙ ኪኒኑን ቀየረለት፤ መሐንዲሱም ከሌሊት ተራ አወጣው። ይሁን እንጂ ቅዠቱ ባንድ ቀን ውልቅ አላለም። በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ወትሮው መጣ። በሁለተኛው መጣና ከመሃል ተቆረጠ። ሦስተኛው ላይ ሁለት ቀን ብቻ፤ አንዱን ጊዜ ደግሞ ብረቱ ሲወርድ፣ እውነትም፣ ላባ መሰለው። በአራተኛው ወደ ጋቢናው ተመለሰ።

ታንከሩ ሊነሣ ሁለት ቀን ሲቀር ግን አሮጌው ሕልም ሙሉውን ይዞ መጣ። ሚስቱ ጠዋት ፊቱን ስታየው ገባት። እሱ ሥራ ቦታ ደረሰ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ቅጿን ረጅም ጊዜ አያት። «አራት ሰዓት» ብሎ ጻፈ። ቀኑን መጋዘን ዋለ፤ ከምሳ በኋላም ባዶ መንጠቆውን አዞረ።

በታንከሩ ዕለት የኩባንያው ትልልቅ ሰዎች ነጭ ቆብ አጥልቀው ቆመው ነበር። አንደኛው መሐንዲሱን ወደ ጎን ጠራው። «እንቅልፍ ያስቸግረዋል የተባለው ሰውዬ ነው የሚያነሣው?»

መሐንዲሱ የሁለቱን ቀን ቅጾች አሳየው። የትናንት ወዲያዋ «አራት»፣ የዛሬዋ «ስድስት ተኩል» ትላለች።

«አራት ሲተኛ አራት የሚል ሰው፣ ስድስት ተኩል ሲል አምነዋለሁ» አለ። «ሌሎቹ ሁሉ በየቀኑ ስምንት ነው የሚሉኝ።»

አሞራው ይህን አልሰማም፤ መሰላሉን አጋምሶ ነበር። ጋቢናው ገብቶ ተቀመጠ፤ ፍሬኑን ረገጠው። ጠንካራ ነው። ታንከሩ ከመሬት ተላቀቀ፣ ፎቅ በፎቅ ወጣ፣ ጣሪያው ላይ ጎጆዋ እንደምትገባ ወፍ ጸጥ ብሎ ተቀመጠ። ከታች ጭብጨባ ተነሣ።

በሬዲዮው የምልክት ሰጪው ድምፅ መጣ። «አሞራ!»

«አቤት።»

«ሌላ አለህ?»