ከሙሽራው በስተቀኝ

ሙሽራ የራሷን ሠርግ ባነር አትሠራም ብሎ ያልመከራት አልነበረም። እናቷ ተናገረች፣ አክስቷ ተናገረች፣ የስቱዲዮው ባለቤት ጋሽ ደምሴም ሳይቀሩ ተናገሩ። ሚስኪ ግን አንዴ ከያዘች የምትለቅ ሴት አይደለችም። ስንቱን ሙሽራ ሳስውብ ኖሬ ለራሴ ሲሆን ሌላ ሰው ይሥራልኝ? አለችና ሁሉንም ዝም አሰኘች። እንዲያው ለእርቅ ያህል ግን አንድ ነገር ለቀቀች፤ ሙሽራውን ፎቶው ላይ ከኋላው ካለው ነገር ሁሉ ለይታ የምታወጣው የአክስቷ ልጅ ናዝራ እንድትሆን ተስማማች።

ሁለቱም የሚሠሩት ሸዋ በር፣ ከሚኒባሶቹ መቆሚያ ፊት ለፊት ባለው የጋሽ ደምሴ ፎቶ ቤት ነው። ጋሽ ደምሴ ከጦሩ በጡረታ የወጡ ፎቶ አንሺ ናቸው፤ ሐረር ተመድበው መጥተው እዚያው የቀሩ። ናዝራ ሰውን ከጀርባው ትለያለች፣ ሚስኪ የተለየውን ሰው ባነር ላይ ታቆማለች። አንድ ቤት ያደጉ፣ አንድ ጫማ የሚለኩ፣ ከኋላ ያየ ሁሉ አንዷን በሌላዋ ስም የሚጠራቸው እህትማማች ናቸው ማለት ይቻላል።

ናዝራ በሥራዋ ቀልድ አታውቅም። በተለይ ባዶ ትርፍ ትጠላለች። ሰውዬውን ለይተሽ ስታበቂ ዙሪያው የሚቀረው ባዶ ካልተቆረጠ ሥራው አላለቀም ትላለች፤ እውነቷንም ነው። ባዶው ዐይን አያየውም እንጂ ፋይሉ ውስጥ ቦታ ይዞ ተቀምጧል። ባነር ላይ ሲገባ ፕሮግራሙ የሚለካው ሰውዬውን ሳይሆን ፋይሉን ነው፤ መሐል አድርገው ሲሉት ሰውዬው ጥግ ይሄዳል፣ አሳድገው ሲሉት ባዶው አብሮ እያደገ እሱን ያሳንሰዋል። አንድ ቀን ሚስኪ ትርፉን ሳትቆርጥ ላከች ብላ ናዝራ ቀኑን ሙሉ ስትነጫነጭባት ውላለች።

ታዲያ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሚስኪ የዐብዱራሕማንን ፋይል ከፍታ ባነሩ ላይ ስታስገባው እጮኛዋ እንደ እንግዳ ልጅ ግራ ጥግ ላይ ኩርምት ብሎ ቆመ። በቀኙ ሰፊ ባዶ። መጀመሪያ ሳቀች። ናዝራም ትሳሳታለች ለካ አለች በሆዷ፣ ይቺን ይዤ አንድ ሳምንት አሾፍባታለሁ ብላም ተደሰተች።

ባዶውን ራሷ ልትቆርጠው ትሪም የሚለውን ትእዛዝ ሰጠች። ይህ ትእዛዝ ከአራቱም በኩል ባዶውን እየበላ ይመጣና የመጀመሪያዋን ቀለም ሲያገኝ ቀጥ ይላል። ከላይ እስከ ዐብዱራሕማን ኮፊያ ወረደ። ከታች እስከ ጫማው ወጣ። በግራ ትከሻውን ነካ። በቀኝ ግን ፈቀቅ ብሎ ቆመ፤ ባዶው እንዳለ ቀረ።

የሙያው ሰው የሆነ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በዚያ በኩል ያልጠፋ ነገር አለ። ዐይን ባያየው ፕሮግራሙ አይቶታል።

ሚስኪ ከሥሩ ጥቁር ቀለም ዘረጋችና ፋይሉን አጎላችው። በቀኙ ዳርቻ፣ ወደ ታች ወረድ ብሎ፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ብርቱካናማ ነገር ብቅ አለች። ደግማ አጎላቻት። የሻሽ ዘርፍ ናት፤ ሦስት ክር።

ሳቋ እዚያው ደረቀ። ይህ ባዶ እንግዲህ ባዶ አልነበረም። ሴት ቆማበት ነበር። ከእጮኛዋ ጎን፣ ክንድ ለክንድ፣ ሻሿን ደልደል አድርጋ የቆመች ሴት ነበረች፤ አንድ ሰው ደግሞ አውጥቷታል። ሚስኪ የባዶውን ስፋት በዐይኗ ለካችው። ቀጭን ናት። ቁመቷም የዘርፉ ቦታ እንደሚለው ከሆነ የሚስኪን ያህል ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ ሚስኪ ጠርጥራም አልዳነችም። ድሬዳዋ ጨርቅ የሚነግድ ወንድ ቀኑን ሙሉ ከማን ጋር ይውላል? ከሴት ጋር። ሻሽ ማን ይገዛል? ሴት። እንዲህ እንዲህ እያለች በአንዲት ዘርፍ ላይ አንድ ሙሉ ሴት ሰፋች፤ ዐይኗን ኳለች፣ ሳቋን አሳመረች፣ ከዚያ ጠላቻት። ሠርጉ ይቅር ብዬ ለእናቴ እነግራለሁ አለች። የተጠራው ሰው ሁሉ ይስማ አለች።

ስልኳን አንሥታ ልትደውልለት ስትል ግን እጇ ቆመ። ዘርፉ ላይ ከብርቱካናማው ጋር የተገመደ የብር ክር አለ። ያን ክር ታውቀዋለች። አክስቷ ከጅዳ ያመጣችላት፣ ቁም ሣጥኗ ውስጥ እስከ ዛሬ ያለ፣ የራሷ ሻሽ ነው።

እኔ ነኝ? አለች። ወዲያው ደግሞ ትዝ አላትና ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠች።

ያኔ ሸዋሊድ ነበር፤ የሐረር ወጣት ሁሉ አምሮና ደምቆ የሚተያይበት በዓል። ሚስኪና ዐብዱራሕማን በዘመድ አገናኝነት በስልክ ብቻ ሲነጋገሩ ሰንብተው በዚያ ቀን ሊገናኙ ተቀጣጥረዋል። ፎቶዋን አልላከችለትም፤ ፎቶ ቤት የሚሠራ ሰው የሴት ፎቶ የት የት እንደሚዞር ያውቃል። በብርቱካናማ ሻሽ ታውቀኛለህ ብላዋለች። ሰዓቱ ሲደርስ ግን ፈራች። ሻሹን አውልቃ ናዝራ ላይ ጣለችና ሂጂ እይልኝ፣ ሰው የሚመስል ከሆነ እውነቱን ነግረሽ አምጪው፣ ካልሆነ እዚያው ጥለሽው ነይ አለቻት። ናዝራ ሄደች። ቆየት ብላ ይዛው መጣች። ሰው ነው፣ አግቢው ብላ በጆሮዋ ሹክ አለቻት። ፎቶ ስለ መነሣታቸው ያኔም ከዚያም ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ናዝራ ከበስተጀርባዋ፣ በሌላኛው ኮምፒውተር የአንዲት ተመራቂ ፀጉር ከጀርባው እየለየች ነበር። ሚስኪ ዞር ሳትል ጠራቻት። ናዝራ መጥታ ከወንበሩ ኋላ ቆመች፤ በጥቁሩ ላይ የጎላችውን ዘርፍ አየች።

«አምልጣኛለች» አለች ቀስ ብላ።

«ዘርፏስ አመለጠችሽ» አለች ሚስኪ። «ባዶውስ? አንቺ ባዶ ሳትቆርጪ ፋይል ልከሽ ታውቂያለሽ?»

ውጭ የሚኒባስ ረዳቶች ድሬ፣ ድሬ እያሉ ይጣራሉ። ጋሽ ደምሴ ውስጠኛው ክፍል አንድ ሕፃን ሊያስቁ ያጨበጭባሉ።

«ወላሂ፣ ሚስኪ፣ ያደረግሁብሽ ነገር የለም» አለች በመጨረሻ። «አንቺ መስዬው መጣና አብረን እንነሣ አለኝ። ሳልነግረው ተነሣሁ። ከተነሣን በኋላ ነገርኩት፤ ሳቀና ወዳንቺ መጣን። አሁን ይሄን ፎቶ ሲልክልኝ ሌላ ላክ አልኩት። ይሄ ነው የሚያምርብኝ አለ። ራሴን አወጣሁት፤ ባዶውን ልቆርጠው ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ።»

ሚስኪ ልትቆጣ አሰበች። ቁጣው ግን አልመጣላትም፤ የመጣው ሌላ ነገር ነው። የሌለች የድሬዳዋ ሴት ላይ መቅናት እንዴት ቀላል ነበር! እሷን መስደብ ይቻላል። ይቺን ግን ራሷ ናት ሻሽ አልብሳ የላከቻት። ስንት ጊዜ ስለ ዐብዱራሕማን አውርታላታለች፣ መልእክቱን ጮክ ብላ አንብባላታለች፤ ናዝራ ደግሞ ሁልጊዜ ሥራዋን እየሠራች ትሰማ ነበር። ናዝራ አሳዘነቻት። አዝናላትም ቀናችባት፤ ሁለቱ አንድ ሆድ ውስጥ እንደሚያድሩ እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር።

ናዝራ ጎንበስ ብላ ማውሱን ከእጇ ወሰደች። ዘርፏን አጠፋቻትና ትእዛዙን ሰጠች። አሁን የሚያግደው አልነበረም፤ ቀኙ ባዶ በአንዴ ተሰብስቦ መጥቶ የዐብዱራሕማን ክንድ ላይ ጠብ አለ። ፋይሉ ልክ እንደ ጥሩ ልብስ ሰውነቱ ላይ ተቀመጠ። ባነሩ ላይ ስታስገባው መሐሉን ይዞ ሙሉ ሰው ሆኖ ቆመ።

«ይኸው» አለች ናዝራ፣ ተመልሳም የተመራቂዋን ፀጉር መለየት ቀጠለች።

ሚስኪ ራሷን ከጎኑ ልታቆም ፋይሏን ሳበች። አምሮ ነበር። የማይስማማ ነገር አልነበረም። ያኔ ፊቱን አየችው። ያ ፈገግታ! ስልኳ ላይ ካሉት ፎቶዎቹ በአንዱም እንዲህ ስቆ አታውቀውም። ያን ፈገግታ የፈገገው ከጎኑ ያለችውን ሴት አይቶ ነው። ሚስኪ መስላው ይሁን ናዝራን አይቶ፣ እሱም ራሱ ሊለየው አይችልም። ባዶውን ቆርጠዋል፣ ዘርፏን አጥፍተዋል፤ ፈገግታው ግን ሰውየው ፊት ላይ ነው፣ ምን ተብሎ ይቆረጣል?

ደወለችለት። ነገ ልብሱን ለብሶ እንዲመጣ፣ ፎቶው ደብዝዟል ብላ ዋሸችው። ናዝራ ሰምታ፣ እኔ አነሣችኋለሁ አለች፣ በቅን ልቧ።

«አይሆንም» አለች ሚስኪ። «ካሜራውን ጋሽ ደምሴ ይያዙ።»

በማግስቱ ዐብዱራሕማን መጣ። ናዝራ ሶፊ ገጠር ወርጄ ዘመድ ልጠይቅ ብላ ያን ቀን አልገባችም። ጋሽ ደምሴ ለሕፃን እንደሚያጨበጭቡት አጨበጨቡለት፤ ሚስኪም ከጎናቸው ቆማ እኔን እያየህ ሳቅ አለችው። ሳቀ። ራሷ ከጀርባው ለየችው፣ ራሷ ዙሪያውን አጠበበችው፤ አንዲት ነጥብ እንኳ አላስቀረችም።

ከዚያ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አደረገቻቸው። ሁለቱም ትርፋቸው ተቆርጧልና ቁመታቸው እኩል መጣ፤ ለማወዳደር አይመችም የሚባል ሰበብ አልቀረም። ብዙ ጊዜ አየቻቸው። የአሮጌው ፈገግታ ይበልጥ ነበር።

አዲሱን ባነሩ ላይ አስገባችውና ወደ ማተሚያው ላከችው።