አጎቴ «አባታችን ሆይ»ን መጨረስ ያቃተው ጊዜ

ዋሽቼ ከሆነ ምላሴ እንደ ሳንቃ ይድረቅ፤ ይህ ሁሉ የሆነ ነው።

አጎቴ አናጺ ነው። ከታናሽ ወንድሙ ጋር አንድ የክሊኒክ በር ሠሩና በሦስት ጣት አጠረች። «አንተ ነህ የለካኸው!» «ኧረ አንተ ነህ!» ተባብለው ተኮራረፉ። ትንሹ አጎቴ ዐቢይ ጾሙ ሲፈታ አገር ጥሎ ሊሄድ ሻንጣውን ማሰናዳት ጀመረ።

ታላቁ ሃምሳ አምስቱን ቀን በአንድ ልመና ገባበት፦ «ጌታዬ፣ ለወንድሜ ጥፋቱን አሳየው።» መጀመሪያ ጉልበት አለ። ንጋት ላይ ሠላሳ መዝሙር ያነበንባል፣ አርባ ጊዜ ይሰግዳል፣ አርባ አንድ ጊዜ «አቤቱ ማረን» እያለ መቁጠሪያውን እንደ ባቄላ ይፈለፍላል። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ወንበር ቫርኒሽ እቀባለሁ።

«አጎቴ፣ ቀስ በል እንጂ፤ መላእክቱ ጽፈው አልደረሱልህም!»

«ዝም በል፣ አንተ ቀልደኛ!» ይለኛል፣ ፍጥነቱን ሳይቀንስ።

በሦስተኛው ሳምንት ትንፋሹ አጠረ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆድ እንጨት መላግ ቀልድ አይደለም። ንባቡን ለሁለት ከፈለው፤ እኩሌታውን ጠዋት፣ እኩሌታውን ከምግብ በፊት። ቅዳሜና እሑድ ስግደት የለምና ቆሞ ብቻ ይጸልያል። በአምስተኛው ሳምንት ከስግደት ሲነሣ ጠረጴዛ መደገፍ አመጣ። የንስሐ አባቱ ይህን አይተው፣

«ልጄ፣ ስግደቱን ወደ አሥራ ሁለት አውርደው። መዝሙርም አንድ ይበቃሃል፤ ብቻ ቃሉን ሳትሰማ አትለፈው» አሉት።

ጸሎቱ አነሰ፤ ጊዜው ግን ረዘመ። ለአንድ ስንኝ አንድ ትንፋሽ ሆነ። ሥራ ላይ እንኳ መላጊያው ሲሄድ «አቤቱ»፣ ሲመለስ «ማረን» ይላል። «አሳየው» የሚለው ልመና መቼ እንደቀረ እኔም አላወቅሁ።

በስድስተኛው ሳምንት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ «አባታችን ሆይ» አለ። ድሮ በሁለት ትንፋሽ ይጨርሳት ነበር። አሁን «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ላይ ሲደርስ ቆመ። ከመጀመሪያው ጀመረ፤ እዚያው ቆመ። ይህ ሲሆን እኔ ሦስት ወንበር ቀብቼ፣ የመጀመሪያው ደርቆ፣ ገዢው ተቀምጦበት ሄዷል።

«አጎቴ፣ ቃሉ ጠፋህ እንዴ?»

«አልጠፋኝም። እግዜር ፊት መዋሸት አቃተኝ።»

ይህን እንዳለ ተነሥቶ ወደ ወንድሙ ቤት ሄደ፤ እኔም ወሬ እንዳያመልጠኝ ተከተልኩት። ትንሹ አጎቴ በሩን ሲከፍት፣

«ያቺን በር የለካሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። እኔ ባልሆንም ይቅር በለኝ» አለው።

ትንሹ አጎቴ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ሻንጣውም ያን ቀን ተፈታ።

እሺ፣ እሺ፤ ልቅሶውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ትንሹ አጎቴ ያለው ይህን ብቻ ነው፦ «ጫማህን አራግፈህ ግባ፤ ቤቱን ሰጋቱራ አታልብሰው።»