አንድ ነጥብ ሁለት ሰከንድ

ኢክራንን ከስራዋ ያስወጣት የገዛ አንገቷ ነው ተባለ። ሞያሌ ላይ ደግሞ አንድ ነገር አንዴ ከተባለ ማን ይመልሰዋል? ገበያው ሰማ፣ የጭነት መኪና ሾፌሮቹ ሰሙ፣ ከቦሪ ግመል የሚያመጡትም ሰሙ። «ምስኪን፣ አንገቷ ከዳት» አሉ። ኢክራን ከሁሉም የጠላችው ያቺን «ምስኪን» የምትለዋን ቃል ነው።

ከአምስት ዓመት በፊት ከሶሎሎ ስትመለስ ከጭነት መኪና ላይ ወድቃ ሁለቱም ክንዶቿ ሽባ ሆነዋል። እግሯ ይሄዳል፣ ምላሷ ከማንም ይስላል፣ እጆቿ ግን ከትከሻዋ ላይ ተንጠልጥለው ከመዋል በቀር ምንም አይሰሩም። ስለዚህ በአሰሪዋ በሙጂባ ቢሮ ውስጥ የነጋዴዎችን ወረቀት የምትሰራው በጭንቅላቷ ነበር። ቢሮ ይባል እንጂ ከኬንያው ኬላ ጀርባ ያለች፣ ሁለት ጠረጴዛ የምትይዝ ቆርቆሮ ክፍል ናት። ነጋዴው ከብቱን ወይም ግመሉን ወደ ናይሮቢ ለመጫን ኪባሊ ያስፈልገዋል፣ የፈቃድ ወረቀት ማለት ነው፤ ኪባሊው ደግሞ በኢንተርኔት ፎርም ይሞላል። እሱን መሙላት ነበር የኢክራን ስራ።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ከላፕቶፗ ስክሪን አናት ላይ ያለችው ትንሽ ካሜራ ፊቷን ትከተላለች። ኢክራን ጭንቅላቷን ወደ ቀኝ ዘወር ስታደርግ ቀስቷ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፣ አገጯን ዝቅ ስታደርግ ቀስቷም ትወርዳለች። መጀመሪያ ላይ በዓይን የሚሰራውን ሞክራ ነበር፤ የሞያሌ አቧራ ዓይኗን እያስለቀሰ ቀስቷን ሲያንቀጠቅጥባት ተወችው። ለመጫን ደግሞ ጣት አያስፈልግም። ቀስቷን የምትፈልገው ቦታ ላይ አሳርፋ ትጠብቃለች፤ ቀስቷ ዙሪያ ትንሽ ክብ መሙላት ትጀምራለች፣ ክቧ ስትሞላ ማሽኑ ይጫናል። ፊደልም የምትጽፈው ስክሪኑ ላይ ከተዘረጋው ገበታ አንድ በአንድ እንዲሁ እያረፈች ነው። ነገሩ ሁሉ የሚቆመው በመጠበቂያው ጊዜ ላይ ነው። ሲረዝም ስራው አይገፋም፣ ሲያጥር ደግሞ አልፈሽ የሄድሽበትን ሁሉ ይጫንብሻል። ኢክራን ወራት ፈጅታ፣ አንገቷ እስኪዝል ሞክራ ያገኘችው ልክ አንድ ነጥብ ሁለት ሰከንድ ነበር። ይህን ቁጥር ለማንም ነግራ አታውቅም። ማንስ ጠይቋት?

ሌላኛው ጠረጴዛ የፈቃደ ነበር። ፈቃደ ከሻሸመኔ በጭነት መኪና ረዳትነት መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ ሁለት እጅ ያለው፣ ግን ነጋዴው ሁሉ እሱን ትቶ ከኢክራን ፊት የሚሰለፍበት ሰው ነው። እሷ አትሳሳትማ። ፈቃደ ይስቅ ነበር፤ «እንሽላሊቷ ዛሬም ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች» ይል ነበር። ኢክራን መልስ ሰጥታው አታውቅም፤ አልረሳችም እንጂ።

ነገሩ የሆነ ቀን ላፕቶፑን ክፍት ትታ ለቀትሩ የዙህር ሶላት ወጣች። ስትመለስ የግመል ነጋዴው የሃጂ ሊበን ሰላሳ ስምንት ግመሎች ፎርም ይጠብቃት ነበር። ቀስቷን ገና ስታንቀሳቅስ ማሽኑ አበደ። የእንስሳውን ዓይነት ከዝርዝሩ ልትመርጥ ስትወርድ «ፍየል» በሚለው ላይ እንዳለፈች ተጫነ። ላስተካክል ብላ ስትመለስ «ላክ» የምትለዋን ነካቻት፣ እሷም ተጫነች። የተላከ ፎርም አይመለስም። ፍየል የሚል ወረቀት ይዘው ግመል የጫኑት መኪኖች በደቡቡ መንገድ ኬላ ላይ አራት ቀን ፀሐይ ላይ ተገተሩ። ሁለት ግመሎች ሞቱ። አንደኛዋ ሃጂ ሊበን ከእናቷ ማህፀን በእጃቸው የጎተቷት ነበረች።

ሙጂባ ክፉ ሴት አይደለችም። «ፖሌ ኢክሩ፣ አይዞሽ፣ ትንሽ ረፊ» አለቻት። ኢክራን ላፕቶፗን አንገቷ ላይ አንጠልጥለውላት፣ እያለቀሰች፣ እንባዋን የሚጠርግላት እጅ ሳይኖራት፣ በዋናው መንገድ መሃል ወደ ቤቷ ሄደች። ያቺን መንገድ መቼም አትረሳትም።

ሶስት ሳምንት ሙሉ እሷም እንደ ሌላው አንገቷን ወቀሰች። በአራተኛው ሳምንት ላፕቶፑን አስከፍታ ተቀመጠች፤ ያው እብደት። እየታገለች የፕሮግራሙን ማስተካከያ ከፈተች። ቦታው የተደበቀ ነው፤ ከስክሪኑ ጠርዝ ያለች ግራጫ ምልክት ትጫኛለሽ፣ ከሚመጡት ገጾች ሶስተኛውን ትመርጫለሽ፣ እዚያ ከታች የመጠበቂያው ቁጥር በመደመርና በመቀነስ ምልክት መካከል ትገኛለች። ቁጥሯ ዜሮ ነጥብ ሁለት ትል ነበር። ሁለት አስረኛ ሰከንድ! ዓይን እንኳን በወጉ አይጨፈንባትም።

ያን ጊዜ ለቅሶዋ ቆመ። ደስ አላት ብንል ውሸት አይሆንም፤ የሚጠሉትን ሰው በስሙ ማወቅ ደስታ አለው። ክፍሉ ውስጥ ያን ቀን የቀረው ፈቃደ ብቻ ነበር። ግን ምስክር የላትም። «አሁን ራሷ ቀይራው ነው» ቢል ማን ያምናታል? ስለዚህ አንድ ወር አሰበች። ቁጥሩን ወደ አንድ ነጥብ ሁለት መልሳ በየቀኑ ተለማመደች፤ ከዚያ አንድ ቀን፣ ሆን ብላ፣ ወደ ሁለት አስረኛ አወረደችው።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ኪባሊ የሚፈልገው ሰው ሳይበዛ፣ ላፕቶፗን አስይዛ ሙጂባ ቢሮ ደረሰች። ሃጂ ሊበንን አስቀድማ አስጠርታቸዋለች። መጀመሪያ አንመጣም ብለው ነበር፤ ቢሆንም መጡ። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ አንድ ነገር ብቻ ነገረቻቸው፤ የእሷ ልክ አንድ ነጥብ ሁለት እንደሆነ፣ ሌላ ሰው ይህን እንደማያውቅ። «እርስዎ ዝም ብለው ስክሪኑን ይዩልኝ» አለቻቸው። ከዚያ ሁሉም እየሰማ ለሙጂባ ተናገረች። ጥፋቱ የአንገቷ ይሁን የማሽኑ ይለይላት፤ አንገቱ ጤነኛ የሆነ ሰው ይሞክረው፤ ከፈቃደ የተሻለ ጤነኛ ደግሞ ከየት ይመጣል?

ፈቃደ ሳቀ። እምቢ ማለት አልቻለም፤ ለሁለት ወር ሙሉ ጥፋቱ የአንገቷ ነው ሲል የከረመው እሱ ነዋ። ቢያቅተው ማሽኑ ጥፋተኛ ሆኖ ኢክራን ነጻ ትወጣለች። ባያቅተው ደግሞ... ኢክራን የጠበቀችው ያንን ነበር። እጆቹን ከወንበሩ ጀርባ እንዲያቆላልፍ ነገረችው፤ አቆላለፈ። ሙጂባ የሃጂ ሊበንን አዲስ ፎርም ከፈተችለት። ይህኛውም ጭነት እንደ ያኔው ሰላሳ ስምንት ግመል ነው፤ መኪኖቹም ውጪ ቆመዋል።

ገና ጭንቅላቱን ከማዞሩ ማሽኑ የነካውን ሁሉ ይጫን ጀመር። ገጹ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ የስም ቦታ ላይ ትርጉም የሌላቸው ፊደሎች ተደረደሩ። ሙጂባ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ሃጂ ሊበን ግን አልሳቁም፤ ቀስቷ ወደ «ላክ» በቀረበች ቁጥር ምርኩዛቸውን ይጨብጣሉ። ፈቃደ ላብ በላብ ሆነ። ግንባሩ ላይ ያለው ላብ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ ለመጥረግ እጁን ሊያወጣ ሲል ኢክራን በለሆሳስ «እጅህን» አለችው። እጁን መለሰ። ሁለት ወር የጠበቀችው ይህን ለማየት ቢሆን እንኳ በበቃት ነበር።

«ይሄ እንሽላሊት አይፈልግም እንዴ?» አለች።

ያቺ ቃል ነካችው። ፊቱ ተለወጠ። ጭንቅላቱን ቀና አደረገና፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ቦታውን ሳይፈላልግ፣ ቀስቷን ወደ ስክሪኑ ጠርዝ ወሰዳት። ግራጫዋን ምልክት ነካት። ሶስተኛውን ገጽ ከፈተ። ወደ ታች ወረደ። የመደመሯ ምልክት ስትጫን አንድ አስረኛ ብቻ ትጨምራለች፤ ቀስቷ ተነስታ ካልተመለሰች አትደግምም፤ ስለዚህ ራሱን እያነሳ እያወረደ ይነካት ጀመር። ኢክራን በልቧ ትቆጥራለች። ሶስት። አራት። ቁጥሩ ሲያድግ ክቧ እየዘገየች ትሞላለች፣ እሱም እየተረጋጋ መጣ። ሰባት። ስምንት። ዘጠኝ። አስረኛው ላይ ቆመ። ስክሪኑ ላይ አንድ ነጥብ ሁለት ይላል። ሃጂ ሊበን ጎንበስ ብለው ቁጥሯን አዩ፤ ቀና ሲሉ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ ፎርሙን አሳምሮ ሞላው። ቀስ እያለ፣ ፊደል በፊደል፣ ግመል፣ ሰላሳ ስምንት፣ ናይሮቢ። ሳይልከው ዞሮ አያቸው፤ እጁ አሁንም ከኋላ እንደተቆላለፈ ነው።

«አያችሁ? ማሽኑ ምንም አልሆነም» አለ። «ቁጥሩ ነበር የተበላሸው።»

ኢክራን ጠጋ አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«ያች ቁጥር የት እንዳለች ማን አሳየህ ፈቃደ?»

ገምቼ ነው አለ። እሺ፣ ቦታውን ገመትክ አለችው ኢክራን፤ ልኬንስ? ዘጠኝ ላይ ያልቆምከው፣ አስራ አንድ ላይ ያልደረስከው፣ አስር ላይ ቀጥ ያልከው ለምንድን ነው? ያን ቀን ስትቀንሰው አንድ ነጥብ ሁለት የሚለውን አይተህ ነው። አስር ጊዜ ቀነስከው፣ ዛሬ አስር ጊዜ ደመርከው። ፈቃደ ወደ ሙጂባ አየ፤ ሙጂባ ወደ በሩ አየች። ሊቀልድበት ብቻ እንደነበር፣ ከሶላት ስትመለስ ሊስቅባት እንደነበር፣ ግመሎቹ ይሞታሉ ብሎ እንዳላሰበ ተንተባተበ። ወንበሩ ላይ እንዳለ ነው፤ እጁን መፍታት እንኳ ረስቷል።

ሃጂ ሊበን ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አንዴ መታ አደረጉ። ከቦሪ እስከ ኡራን በየውሃ ጉድጓዱ እንደሚያርፉ፣ በየጉድጓዱም ሰው የሚጠይቃቸው ነገር ቢኖር ወሬ ብቻ እንደሆነ ተናገሩ። የእሳቸው ግመሎች እንዴት እንደሞቱ ሁሉም ያውቃል፤ በማን እንደሞቱ ግን ያወቀው ውሸቱን ነው። እውነቱን ከነገሩ ከብት ያለው ሰው ለፈቃደ አንዲት ወረቀት አይሰጠውም። የባለከብቶቹ ልጆችም ወረቀት አያስነኩትም። ፈቃደ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል።

«ማሎ ሃጂ» አለ ፈቃደ፤ ኦሮምኛው እንኳ ሲለምን ተሰበረ።

ሃጂ ግን ዞረው እሷን ነበር ያዩት። የተበደለ ይጠየቃል፤ ደንቡ እንደዚያ ነው።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ነገሩ እዚሁ ቤት ይቅር ወይስ ልንገር?»

ፈቃደም አያት። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ኢክራን ያን ጊዜ ያቺን ዋና መንገድ አሰበች፤ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ላፕቶፕ፣ ጉንጯ ላይ የደረቀውን እንባ፣ ከበሩ ላይ «ምስኪን» ያላትን የሱቅ ሰው ሁሉ። ይቅር ማለት የሚያምርባቸው ሴቶች እንዳሉ ታውቃለች። ክቧ እስክትሞላ እሱም ይጠብቅ።

«ይንገሩ» አለች።

ሃጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፈቃደ ከወንበሩ ሲነሳ ኢክራን እንዲጠብቅ አዘዘችው፤ ወንበሩን እንዲያስተካክልላት፣ ላፕቶፑንም ወደ ፊቷ ትክክል እንዲያዞርላት። አደረገ። ከዚያ ተቀመጠች፣ ካሜራዋ ፊቷን አገኘች። ቁጥሯን አልነካችም፤ በትክክል መልሶላታል።

ፎርሙን ከላይ እስከ ታች አነበበች። ግመል፣ ሰላሳ ስምንት፣ ናይሮቢ። ቀስቷን «ላክ» ላይ አሳረፈችና ክቧ እስክትሞላ በደስታ ጠበቀች።