የፋንቱ ካፌ ጸጥታ

ወልድያ የገባሁት ጸጥ ያለ ቦታ ፍለጋ ነው ብል የሚያምነኝ የለም። ለጸጥታ ብሎ ከትንሿ መርሳ ወደ ወልድያ የሚሄድ ሰው ጤና ያጣ መሆን አለበት። ግን መርሳ ላይ ኔትወርኩ አንድ ፋይል ለማውረድ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ የኔ ሥራ ደግሞ ያለ ኔትወርክ አይሆንም።

ሥራው እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ የጥናት ድርጅት ከገበሬዎች ጋር ያደረገውን ቃለ መጠይቅ በድምፅ ይልክልኛል። እኔ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ ቃል በቃል በላፕቶፕ እጽፋለሁ። ከሳቁ «(ሳቅ)»፣ ካሳላቸው «(ሳል)»፣ ዝም ካሉ «(ዝምታ)» ብዬ አስገባለሁ። ድምፁን ለማንም እንዳላሰማ ፈርሜያለሁ። የመጀመሪያው ወር የሙከራ ነበር። ጽሑፉ ንጹሕ ከሆነ እቀጠራለሁ፤ ካልሆነ ተመርቄ ሁለት ዓመት ወደተቀመጥኩበት ወደ እናቴ ቤት እመለሳለሁ። ደግሜ እዚያ መቀመጥ አልፈልግም ነበር። በቃ፣ ሞት ይሻለኝ ነበር።

ወይዘሮ ብዙነሽ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራየሁ። ሲያከራዩኝ ሰላማዊ ግቢ ነው አሉኝ፤ እውነትም እሑድ ነበር። ሰኞ ጠዋት ከግድግዳው ማዶ ያለው ብየዳ ቤት ሥራ ጀመረ። ብረት ሲቆረጥ ጆሮዬ ውስጥ ያሉት ገበሬ የሚሉት ሁሉ ጠፋኝ።

«ይለመዳል የኔ ልጅ» አሉኝ ወይዘሮ ብዙነሽ። «እኔ እንዲያውም ዝም ሲል ነው የሚከፋኝ።»

የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ግን በየወንበሩ ፊት አንዳንድ ደብተር ተቀምጧል። አንዱ ላይ ልቀመጥ ስል ከጥግ «ሰው አለው!» ተባልኩ። ሌላውም ሰው አለው። የሌሉ ሰዎች የሞሉበት ቤት! በመጨረሻ መስኮት ስር ቦታ አገኘሁ፤ ሶኬት የለም፣ አጠገቤ ያለው ተማሪ ደግሞ ባዮሎጂን እንደ ዳዊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግማል። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ጥበቃው መታወቂያ ጠየቀኝ። የሌላ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ መሆኔን ብነግረው «እንኳን ደስ አለሽ» ብሎ መለሰኝ። ኢንተርኔት ቤቱ ልጆች በኮምፒውተር ኳስ የሚጫወቱበት ነው፤ ጎል በገባ ቁጥር ቤቱ ይነሣል።

እንዲህ እየዞርኩ ነው ፋንቱ ካፌ የደረስኩት። ዋይፋይ አለ፣ ግድግዳው ጋ ሶኬት አለ። ጩኸቱ ግን አይጣል ነው። ጊዜው ሐምሌ ሁለት ሺህ ዘጠኝ ነበር፤ ነጋዴው ሁሉ ለግብር በተጣለበት የቀን ገቢ ግምት ተቃጥሏል፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁም ገና አልተነሣም። ጋሽ አብዱልሐሊም የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ቆመው «በቀን ይህን ያህል የምሸጠው ለጂን ነው ወይስ ለሰው?» እያሉ ቤቱን በሳቅ ያፈርሱታል።

እኔ ማዳመጫዬን ሰካሁና መጻፍ ጀመርኩ። አንድ መጥፎ ልማድ አለኝ፤ ድምፁ ጥርት ብሎ አልሰማ ሲለኝ ዓይኔ አንድ ሰው አፍ ላይ ይተከላል። ሰውየውን ግን አላየውም፤ የማየው የማዳምጠውን ነው። የዚያን ቀን ዓይኔ የተተከለው ጋሽ አብዱልሐሊም ላይ ኖሯል።

በማግስቱ ስመጣ ካፌው ጸጥ አለ። በሦስተኛው ቀንም እንደዚያው። ስገባ ቴሌቪዥኑ ይቀነሳል፣ ሶኬቱ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ብድግ ብሎ ወንበሩን ይለቅልኛል። ማኪያቶዬን ጠጥቼ ሂሳብ ስጠይቅ «ተከፍሏል» ይሉኛል።

«ማነው የከፈለልኝ?»

«ይተዉት፣ ተከፍሏል» ትላለች የቤቱ ባለቤት ፋንቱ። በእድሜ እናቴን ታክላለች፤ አንቱ ማለቷ ግራ አጋባኝ። የወሎ ሰው ደግነት ነው ብዬ ግን ተቀበልኩት። እኔም እኮ ወሎዬ ነኝ፣ ስለራሳችን የሚባለውን አምኜ! አንድ ቀን ደግሞ ከኋላዬ የተቀመጡት ሰዎች ያለ ወትሯቸው ስለ መንገዱና ስለ ባቡሩ ሥራ ጮክ ብለው ማመስገን ጀመሩ። እንደ ዜና አንባቢ ነበር የሚናገሩት። ምን ነካቸው ብዬ ዞር ስል ሁሉም ስኒያቸውን ያያሉ።

ሥራዬ ግን ሰመረ። ፋይል በፋይል ላይ ጨረስኩ። እንዲህ ያለ ጸጥታ በሕይወቴ አግኝቼ አላውቅም፤ ደስ ብሎኛል።

አንድ ፋይል ሲቀረኝ ጋሽ አብዱልሐሊም መጥተው ፊት ለፊቴ ቆሙ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«እኅቴ፣ ያን ቀን ስለ ግብሩ የተናገርኩት በንዴት ነው፤ ወላሂ ሌላ ነገር አልነበረኝም። ልጆች አሉኝ። ከቻልሽ አውጪው።»

«ከየት ነው የማወጣው?»

«ከጻፍሽው።»

መጀመሪያ ሌላ ሰው መሰልኳቸው አልኩ። ቀጥሎ ግን ወንበሩ፣ ማኪያቶው፣ ባቡሩ፣ አንቱታው ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሴ ላይ ወረደ። ጆሮ ጠቢ! እኔ!

«ኧረ ጋሼ፣ በማርያም! ገበሬዎች የተናገሩትን ነው የምጽፈው። ድምፁን ላሰማዎት አልችልም፣ ፈርሜያለሁ። ግን ይኸው፣ ራስዎ ይዩት» ብዬ ላፕቶፑን አዞርኩላቸው።

ጎንበስ ብለው አነበቡ። እኔም ከሳቸው ጋር አነበብኩት፤ ያኔ ነው ምን እንዳሳየኋቸው የገባኝ።

ጠያቂ፦ በስብሰባው ላይ ማን ማን ነበር?
ተጠያቂ፦ የኛ ሰፈር ሰዎች ነን።
ጠያቂ፦ ስማቸውን ሊነግሩን ይችላሉ?
ተጠያቂ፦ (ዝምታ)

ስለ መስኖ ውኃ ስብሰባ ነበር! ውኃ እንዴት እንደሚከፋፈሉ! ጋሽ አብዱልሐሊም ግን ፊታቸው አመድ ሆነ። «አብሽሪ፣ ገብቶኛል» አሉና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወደኋላ ወደኋላ እያሉ ወጡ። እንባዬ መጣ። ዕቃዬን ሰብስቤ ፋንቱ ጋ ሄድኩ።

«እትዬ ፋንቱ፣ እኔ እኮ እንደዚያ አይደለሁም። የመርሳ ልጅ ነኝ።»

«እኔ ምንም አላልኩም» አለች ስኒ እያጠበች። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ሰው እዚህ ዝም የሚለው በኔ ምክንያት ነው?»

«እንደ ልብዎ ይሥሩ፣ ቤትዎ ነው» አለችኝ። ዓይኔን አላየችም።

ወጣሁ። ዝናብ ስለነበር ማዶ ካለው ሱቅ ክዳን ስር ተጠለልኩ። ብዙም ሳልቆይ ከካፌው ውስጥ አንድ ሰው ሲናገር፣ ሌላው ሲመልስ፣ ከዚያ ቤቱ ሙሉ ሳቅ ሲፈነዳ ሰማሁ። ከዚያ ቤት ሳቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜ ሆነ! ተመልሼ ብገባ የሚሆነውን አውቀዋለሁ፤ አልገባሁም።

የቀረኝን ፋይል ለመሥራት ወይዘሮ ብዙነሽ ግቢ ብየዳው እስኪቆም ጠበቅሁ። ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ፣ ብየዳውም ቆመ። ላፕቶፔ ባትሪ ስለነበረው በሩን ዘግቼ ተጣደፍኩ። ተናጋሪዋ አንዲት እናት ናቸው። በቀበሌያቸው አሠራር ደስተኛ መሆናቸውን ይጠይቋቸዋል። ረጅም ዝምታ ነው። ከሩቅ ዶሮ ይጮኻል። ከዚያ «ሁሉ ደህና ነው፣ ተመስገን» ይላሉ።

እንዲህ ያለውን ቦታ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ! ነገሩ የጠፋቸው፣ ጥያቄው ያልገባቸው እየመሰለኝ «(ዝምታ)» ብዬ አልፌዋለሁ። አሁን ደጋግሜ ሰማሁት። ሌላ ምን ብዬ እንደምጽፈው ግን አላወቅሁም። ባትሪው ሊያልቅ ሲል «(ዝምታ)» ብዬ ጻፍኩ፤ መብራት ሲመጣም ኢንተርኔት ቤት ሄጄ፣ ልጆቹ ጎል እያሉ እየጮኹ፣ ላክሁት።

ከአዲስ አበባ ደወሉልኝ። ተቀጥሬያለሁ።

«ሥራሽ በጣም ንጹሕ ነው» አለችኝ ኃላፊዋ። «ከተማዋስ እንዴት ናት? የምትሠሪበት ጥሩ ቦታ አገኘሽ?»

በመስኮቱ ወይዘሮ ብዙነሽ ልብስ ሲያሰጡ ይታዩኛል። ሰሞኑን ሲያናግሩኝ አንቱ ማለት ጀምረዋል።

«ሄሎ? አለሽ?» አለች ሴትየዋ።

«አለሁ» አልኳት። «ሁሉ ደህና ነው፣ ተመስገን።»