የአያ እንግዳው አውራ ጣት

የአያ እንግዳው ስም በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈው በግንቦት፣ ሰው ሁሉ ከገበያ በሚመለስበት ቀን ነው። ከወረቀቱ አናት «ለሩዝ ዘር ሁለት ጊዜ የተመዘገቡ» ይላል። ከሥሩ አራት ስም አለ፤ የእሳቸው የመጀመሪያው ነው። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ያነበበችላቸው ልጃቸው ታይቱ ናት፤ ያውም ጎረቤት ከኋላዋ ቆሞ እየሰማ።

በማግስቱ የርብን ወንዝ ተሻግረው ወረታ መጡ። የመጡት ጎርፍ ላጠቃቸው ገበሬዎች የሩዝ ዘር ወደሚያድለው ድርጅት ቢሮ ነው፤ ያገኙትም የመረጃ ሠራተኛዋን ጸሐይነሽን ነው። የጸሐይነሽ ሥራ ለወሬ አይመችም። በየቀበሌው የተሞላውን ቅጽ በስልኳ ፎቶ ታነሳለች፤ ፕሮግራሙ ከፎቶው ላይ የእጅ ጽሑፉን አንብቦ ስሙን፣ ጎጡንና የማሳውን ስፋት ሰንጠረዥ ላይ ያሰፍራል፤ እሷ ደግሞ ሰንጠረዡን ታጣራለች። ለአንድ አባወራ አንድ ቅጽ፣ አንድ የአውራ ጣት አሻራ፣ በሰንጠረዡም አንድ መስመር። እንዲህ ሲያወሩት ቀላል ነው።

አያ እንግዳው ወንበር ቢቀርብላቸውም አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ እኔ ጣቴን ያሳረፍሁት አንድ ጊዜ ነው» አሏት።

«መዝገቡ ሁለት ቅጽ ሞልተዋል ይላል፣ አባቴ። አንደኛው ላይ ሦስት ቃዳ፣ ሁለተኛው ላይ ስምንት ቃዳ።»

ቃዳ የሄክታር ሩብ ነው። ስምንት ቃዳ ያለው ሰው በዚያ ቀበሌ ቢፈለግ ምናልባት አንድ ይገኝ ይሆናል።

«ስምንት ቃዳ ከኖረኝማ የሰው ደጅ ምን ያቆመኛል» አሉ፤ አልሳቁም። «ዘሩን ተይው። የዘሩ ነገር አይዶለም ያመጣኝ። ለሰኔ ሚካኤል ደም የተቃቡ ሁለት ቤተሰቦች አስታርቃለሁ። ዓመት ሙሉ ከዚህ ቤት ወደዚያ ቤት ስመላለስ ቆይቼ ገና አሁን እሺ አሉኝ። በሁለት ወረቀት የዋሸ ሰው ፊት ማን ይምላል? ስሜን ከዚያ ግድግዳ አውርጅልኝ። ሌላ ምንም አልልሽ።»

ጸሐይነሽ ክፉ ልጅ አይደለችም። ይህን ቀድሜ የምናገረው በኋላ እንዳትቸኩሉባት ነው፤ ብትቸኩሉም አልፈርድባችሁም። ሁለቱን ፎቶዎች ከፈተችና ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። አንደኛው ጠቆር ያለ ነው፤ የወረቀቱ እጥፋት ጥላ በማሳው ስፋት ቁጥር ላይ አርፏል። ሁለተኛው ጥርት ያለ ነው። ጥርት ባለው ላይ ቁጥሩ ሦስት ነው። ጠቆር ባለው ላይ ጥላው የሦስቱን ክፍት ጎን ዘግቶት ፕሮግራሙ ስምንት ብሎ አንብቦታል።

ከዚያ ዓይኗ ወደ አሻራው ወረደ። በሁለቱም ፎቶ የማኅተሙ ቀለም ወደ ግራ ፈስሶ ጭራ አውጥቷል፤ ጭራው በሁለቱም ላይ ያንኑ የጽሑፍ መስመር አቋርጦ ያው ቦታ ላይ ይቆማል። ሰው ያንኑ ጣቱን በሁለት ወረቀት ላይ ቢያሳርፍ እንኳ ቀለሙ ሁለቴ አንድ ዓይነት አይፈስም። አያ እንግዳው ከትከሻዋ በላይ ዘንበል ብለው አዩ። ፊደል አይቆጥሩም እንጂ ጣታቸውን ያውቁታል።

«እጄ እርጥብ ነበር» አሉ። «ከውኃ ወጥቼ ነበር የመጣሁት። ቀለሙ ሲፈስ ጸሐፊው ተቆጥቶኛል። ይኸ አንድ ወረቀት ነው።»

«አንድ ወረቀት ነው» አለች።

«ታዲያ ሁለቴ ፎቶ ያነሳው ማነው?»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ጸሐይነሽ በመስከረም ቅጾቹን ፎቶ ያነሳችበት ቀን ትዝ አላት። ያን ቀን መብራት ስለጠፋ የዚያን ቀበሌ አርባ አንድ ቅጽ ያነሳችው ከቢሮው በረንዳ ላይ፣ በማታ ፀሐይ ነበር። ኔትወርክ ተቋረጠና ስልኩ ላይ «አልተላከም» የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣ። በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም እንደገና አነሳች። ኔትወርኩ ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ማንም ሳይጠይቃቸው ተላኩ። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ፎቶ አዲስ ቁጥር ይሰጣል፤ ቅጹ ደግሞ ከአንድ ወረቀት የተባዛ ፎቶኮፒ ስለሆነ የራሱ መለያ ቁጥር የለውም። እናም አርባ አንድ ወረቀት በመዝገቡ ሰማንያ ሁለት ሆኖ ገባ። እሷም ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ያኔ የሚነገር ነገር አልመሰላትም ነበር።

«ስልኩ ነው፣ አባቴ» አለች። «ስልኩ ተበላሽቶ ነው።»

አያ እንግዳው ፊቷን አዩት። «ሸጋ» አሉ፣ ጋቢያቸውን አስተካክለውም ሄዱ።

ከሄዱ በኋላ ጸሐይነሽ ዕቃ ቤት ገብታ ካርቶኑን አወረደች። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረች፤ አርባ አንድ ናቸው፣ የአያ እንግዳውም አንድ ብቻ። ከዚያ ፕሮግራሙ ስላወጣቸው መስመሮች የሚይዘውን ዝርዝር ከፈተች። ነገሩ እዚያ ፊት ለፊት ተቀምጦ ኖሯል። ከጥቅሉ ሠላሳ ሰባቱ ቅጾች ሁለቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት ስለተነበቡ፣ ፕሮግራሙ ተደጋጋሚ ናቸው ብሎ ከየጥንዱ አንዱን በዝምታ ጥሏል። ስሙና ጎጡ አንድ ሆኖ የማሳው ስፋት የተለያየውን ግን «ሁለት ጊዜ የተመዘገበ» ይለዋል። በጥላ ምክንያት የተዛቡት አራቱ እንዲህ ተብለው ግድግዳ ላይ ወጡ። የተጣሉት ሠላሳ ሰባቱ ከአንድ ጥቅል፣ በአንድ ቅደም ተከተል መሆናቸውን አንድ ሰው ዞር ብሎ ቢያይ ኖሮ፣ ያደረገው ገበሬው ሳይሆን ቢሮው መሆኑ በደቂቃ ይታወቅ ነበር። ማየት ያለባት እሷ ነበረች፤ አራት ስም ብቻ ስለወጣ አራት አጭበርባሪ አገኘን ብላ ተደስታ ነበር።

ለኃላፊዋ ለበእውቀቱ ሁሉንም ነገረችው፤ የበረንዳውንም ጨምራ።

«ዝርዝሩ ወደ በላይ አካል አልፏል» አላት በእውቀቱ። «አራቱን እናወጣቸዋለን፣ ዘራቸውንም ያገኛሉ። እንዴት እንደሆነ ግን አንጽፍም። ኮንትራትሽ ሰኔ መጨረሻ ላይ እንደሚያበቃ ታውቂያለሽ።»

«እሳቸው እኮ ዘሩን አልጠየቁም። ሰኔ ሚካኤል ከመድረሱ በፊት ስማቸው በሰው ፊት እንዲጸዳ ነው የፈለጉት።»

«ደብዳቤ እንልካለን።»

ደብዳቤው ሁለት መስመር ነበር፦ ከላይ የተጠቀሱት አራት ግለሰቦች ተጣርቶ ከዝርዝሩ ወጥተዋል። ስህተቱ የማን እንደነበር የሚል ቃል የለበትም። ጸሐይነሽ ሰኔ አሥራ ሁለት ጠዋት ልብሷን ለባብሳ መናኸሪያ ድረስ ሄዳለች። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ገብታ «ሁለቴ ያነሳሁት እኔ ነኝ» ለማለት ነበር። ባጃጁ ሰው እስኪሞላ ቆማ ጠበቀች። ሲሞላ አልተሳፈረችም። ኮንትራቷን አስባ ነው፤ ሌላ ምክንያት ልፈልግላት አልችልም።

የሆነውን ከሁለት ሳምንት በኋላ ዘር ሊወስዱ ከመጡ ሰዎች ሰማች። ለሚካኤል ደብዳቤው በሁለቱ ቤተሰቦች ፊት ሲነበብ የሟች ወንድም ተነስቶ «እኛ ወረታ ዘመድ ስለሌለን ስማችን ከግድግዳ አይወርድልንም» አለ። አያ እንግዳው ያስጨበጡት መስቀል ላይ አልምልም ብሎ ወጣ፤ ቤተሰቡም ተከተለው። የገዳይ ወገን በሳምንቱ ከብቱን ሽጦ ወደ መተማ ተሰደደ። አያ እንግዳው ከዚያ ወዲህ ለሽምግልና አልተጠሩም። ደብዳቤው ጭራሽ ካለመጻፉ የከፋ ሆኖ አረፈ።

ኮንትራቷ ታደሰ።

በነሐሴ ርብ እንደገና ሞላና የፎገራን ሜዳ ዋጠው። ጸሐይነሽ በዚህ ጊዜ ሥራውን በደንብ አበጀችው፤ ይህን አልነፍጋትም። ቅጾቹ ሁሉ ከመሞላታቸው በፊት ተራ ቁጥር ታተመባቸው። አንድ ቁጥር ሁለቴ ከመጣ ፕሮግራሙ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አቅርቦ ይጠይቃል፤ ዋናው ወረቀት ከካርቶን ወጥቶ በሰው ዓይን ሳይታይም ማንም አጭበርባሪ አይባልም። አሻራ የሌለው ቅጽ ግን ያልተሟላ ነው፤ ከዕደላው ይወጣል። ያንን ደንብ የጻፈችው ራሷ ናት።

ወደ አያ እንግዳው ቤት የሄደችውም ራሷ ናት፤ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ውኃው ቁርጭምጭሚቷን እያለፈ። ታይቱ በርጩማ አወጣችላት። አያ እንግዳው የተጠየቁትን ሁሉ መለሱ፦ ስም፣ ጎጥ፣ ሦስት ቃዳ፣ ሦስቱም ውኃ ውስጥ። ጸሐይነሽ ጽፋ ጨረሰችና የማኅተሙን ቀለም ከፍታ አቀረበችላቸው። እጃቸውን ከጋቢው አላወጡም።

«አባቴ» አለች። «ያኔ ፎቶውን ሁለቴ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ስልኩ አልነበረም። ይቅር ይበሉኝ።»

«አውቄዋለሁ» አሉ አያ እንግዳው። «ያን ዕለት ፊትሽ ላይ አይቼዋለሁ። ለሚካኤል ትመጫለሽ ብዬ በሩን ሳይ ዋልሁ።»

«ፈርቼ ነው።»

«ይቅር ብዬሻለሁ። እኔን አይዶለም የጎዳሽው፤ እነዚያ ግን ሳይታረቁ ቀሩ።»

«እንግዲያው ጣትዎን ያሳርፉልኝ። ያለ አሻራ ዘሩን አያገኙም። ታይቱን ያስቡ።»

«አንድ ጊዜ ሰጥቻችሁ ሁለት አድርጋችሁታል» አሉ። «ከእንግዲህ ጣቴ እኔው ጋር ይቆይ።»

ታይቱ አባቷን ለመለመን አፏን ከፍታ ተወችው። ጸሐይነሽ የቀለሙን ክዳን ገጠመች። ልትነሳ ስትል አያ እንግዳው እንደ እንግዳ ተቀባይ ሰው በር ድረስ ሸኟት።

«ስልኩ ደህና ነው?» አሏት።

ጫማዋን በእጇ ይዛ ወደ ውኃው ወረደች።

በማግስቱ ወረታ፣ በጥሩ ብርሃን፣ ወረቀቱን ዘርግታ አንድ ጊዜ ብቻ ፎቶ አነሳችው። ፎቶው ወዲያው ተላከ። ፕሮግራሙ ስሙን በትክክል አነበበ፤ ጎጡን በትክክል አነበበ፤ ሦስት ቃዳውንም ሦስት አለው። ከዚያ የአሻራውን ቦታ ባዶ አገኘና መስመሩን «ያልተሟላ» ብሎ ከዕደላው አወጣው። ጸሐይነሽ እያለቀሰች ቀጣዩን ወረቀት አነሳች።