የትዝታ አውራ ጣት

መልእክቱ የደረሳት እያስተማረች ነው። እመቤት ጀርባዋን ለተማሪዎቿ ሰጥታ ሰሌዳው ላይ ስትጽፍ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ አንዴ ነዘረና ዝም አለ። ዞር ብላ አየችው። ባንኩ ነው። ከዶላር ካርዷ ላይ እንደገና ገንዘብ ተቆርጧል፤ እንደ ባለፈው ሳምንት ሁሉ የስልክ ጌምና መተግበሪያ ከሚሸጠው መደብር፣ ከፕሌይስቶር።

የምትጽፈውን ዐረፍተ ነገር ሳትጨርስ ተወችው።

ያች ዶላር ክረምቱን ሙሉ ለውጭ አጥኚዎች ቃለ መጠይቅ ስትተረጉም ያገኘቻት ናት። ለአንድ ነገር ብቻ ነው ያስቀመጠቻት፦ ለምትወዳደርበት ነጻ የትምህርት ዕድል ለሚጠየቀው የእንግሊዝኛ ፈተና። ክፍያው በኢንተርኔት፣ በእንዲህ ዓይነት ካርድ ብቻ ነው፤ ምዝገባውም በሚቀጥለው ዓርብ ይዘጋል። ብር ቢሆን ከባልደረባ ትበደር ነበር። ዶላር ግን ደብረ ታቦር ላይ ማን ያበድራል? እስከ ዛሬ ጠዋት ካርዱ ላይ የቀረው እንደምንም ይበቃት ነበር። አሁን ጎደለ።

ባለፈው ሳምንት ሲቆረጥ ነገሩን የጨረሰችው መስሏት ነበር። ቤት ያለው፣ ካርዷ የተመዘገበበት አሮጌ ስልኳ ላይ ልጇ ትዝታ የፈረስ ጌም ጭና ነበር። እመቤት ጌሙ በራሱ የቆረጠ መሰላት፤ ተቆጣች፣ ጌሙን አጠፋችው፣ ተገላገልሁ አለች። ታዲያ የጠፋ ጌም እንዴት ብሎ ይቆርጣል? ሌባ ነው። የካርዷን ቁጥር የያዘ ሰው አለ።

ክፍለ ጊዜው እንዳለቀ በባጃጅ ወደ ባንክ በረረች። ሾፌሩ ጉድጓድ በጉድጓድ እየመረጠ ሲሄድ እግሯ ወለሉን ይደበድብ ነበር።

«ኧረ መምህርት፣ ባጃጇን ይማሯት፣ እኔም እየነዳኋት ነው» አላት።

የካርድ ጉዳይ የሚይዘው ዳኛቸው የሚባለው የባንኩ ሠራተኛ ነው። ወንበር ሳይስብላት ጀመረች፦

«ተሰርቄአለሁ። ካርዱን ዝጉልኝ!»

«መዝጋቱ ቀላል ነው» አለ ኮምፒውተሩን እያየ። «ግን ተሰረቀ ተብሎ ከተዘጋ በዚህ ካርድ ከእንግዲህ አይከፍሉም። አዲሱ ከአዲስ አበባ ታትሞ እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃል።»

«ለሚቀጥለው ዓርብስ?»

«አይደርስም።» ማያ ገጹን ወደ እሷ አዞረላት። «እስቲ ይዩት። ባለፈው ሳምንት ሁለት፣ ዛሬ አንድ። የዛሬው ካለፈው ሳምንት ካንዱ ጋር እኩል ነው፤ ቀኑም ሳምንቱን ጠብቆ ነው። ሌባ እንዲህ በሥርዓት አይሰርቅም እኮ! በየሳምንቱ የሚታደስ አባልነት ነው የሚመስለው።»

«ጌሙን አጥፍቼዋለሁ አልኩህ!»

«ጌሙን ማጥፋትና አባልነቱን መሰረዝ ይለያያል።»

«እኔ የገባሁበት አባልነት የለም።»

ዳኛቸው ቅሬታ የሚቀርብበትን ወረቀት አወጣላት። እሷ ወይም ቤተሰቧ ግዢውን እንዳልፈጸሙ አረጋግጣ ልትፈርም ነው። እስክሪብቶውን አነሣች።

«ስልክዎን ሌላ የሚከፍተው ሰው አለ?» ሲል እንደ ልማዱ ጠየቃት።

«የለም። መግዛት እንኳ ያለ ጣት አሻራ አይቻልም።»

«የተመዘገበው የእርስዎ ጣት ብቻ ነው?»

እመቤት ያኔ ትዝ አላት። አሮጌው ስልክ። አባቷ።

አባቷ አቶ ይሻው እግራቸውን ለማሳከም ከጉና ከወረዱ ወዲህ እሷ ጋ ናቸው። እዚያ ከቀረው ልጃቸው ከባንተአምላክ ጋር እንዲደዋወሉ አሮጌውን ስልክ ሰጥታቸው ነበር። አሻራቸውን ልትመዘግብ ብትሞክር ስልኩ እንቢ አለ። ዕድሜ ልክ ድንችና እርፍ የያዘ ጣት፣ መስመሩ ሁሉ አልቆ እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሷል። የሚስጥር ቁጥሩ ደግሞ አልያዝ አላቸው። ያኔ ወደ ሥራ ስለቸኮለች የትዝታን አውራ ጣት መዘገበችና ሄደች። ስልኩን ለአያቷ መክፈት የትዝታ ሥራ ሆነ።

ሳትፈርም እስክሪብቶውን መለሰች። «ልጄ ናት» አለች።

ዳኛቸው ወረቀቱን ወደ መሳቢያው ከተተ። «እንኳን አልፈረሙ። ቶሎ ብለው አባልነቱን ይሰርዙ፣ ገንዘቡንም ከመደብሩ ይጠይቁ። የዛሬው ገና ትኩስ ነው፤ ሁለት ቀን ካለፈው ይከብዳል።»

ቤቷ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ነው። ስትገባ አባቷ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ስለ ገብስና ስለ ውርጭ በስልክ ይጮኻሉ፤ ትዝታ አጠገባቸው ቁጭ ብላለች።

«ይቅርታ አባየ፣ ስልኩን ይስጡኝ።»

«ምነው? ባንተአምላክ ነው እኮ። ሰላም በይው።»

«በኋላ እለዋለሁ።» ስልኩን ዘግታ ወደ ልጇ ዞረች። «ትዝታ፣ ፈረሷ ያለችበት ጌም ላይ በጣትሽ ነክተሻል?»

ልጅቱ አያቷን አየች። «የጣት ሥዕል መጣ።»

«ሲመጣስ?»

«ነካሁት። ፈረሷ ርቧታል ይላል። ከዚያ የጣት ሥዕል ይመጣል።»

አቶ ይሻው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «እኔ ነኝ ያስተማርኋት። ያ ጣት የሚመስለው ሲመጣ ቶሎ ንኪልኝ እያልሁ። ገንዘብ ነው የጠፋው? አንድ ሁለት በግ ይሸጥና—»

«በግ በዶላር የሚገዛ አለ አባየ?»

«እንዴ! ዶላር የሚበላ ፈረስ ነው?»

ልትስቅ ፈልጋ አልሳቀችም። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። ስልኩን ከፍ አድርጋ ግቢውን ትዞራለች፣ ትቆማለች፣ እንደገና ትዞራለች። ፕሌይስቶርን ከፍታ የራሷን ምስል ነካች፣ ክፍያና አባልነት ወደሚለው ገባች። አገኘችው። ጌሙ የለም፤ አባልነቱ ግን ከነሙሉ ጤናው ተቀምጧል። ከጎኑ ቀጣዩ የሚቆረጥበት ቀን ተጽፏል። ሰርዝ የሚለውን ነካች። ምክንያት ጠየቃት፣ ሰጠችው። አሁን የተከፈለበት ሳምንት እስኪያልቅ ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ ግን አይቆረጥም አላት።

ቀጥሎ ገንዘቡን የምትጠይቅበት ገጽ መጣ። ግዢውን አላውቀውም የሚል ምክንያት አለ፤ የቤተሰብ ሰው ሳልፈቅድ ገዛ የሚልም አለ። ጣቷ በመጀመሪያው ላይ ትንሽ ቆየ። ስርቆት ነው ተብሎ ዳኛቸው ካርዱን ሲዘጋው ታያት። ሁለተኛውን መረጠች። የስድስት ዓመት ልጄ ናት፣ የእሷን አሻራ የመዘገብኩት እኔ ነኝ ብላ ጻፈች። ለሦስቱም ክፍያ ላከች።

መልሱ በማግሥቱ መጣ። ትናንት የተቆረጠው እንዲመለስ ተፈቅዷል። የባለፈው ሳምንት ሁለቱ ጊዜያቸው አልፏል፤ ለጌሙ ሠሪዎች ጻፊ ተባለች። ጻፈች። ከእነሱ ድምፅ የለም።

የተፈቀደው ግን ካርዱ ላይ አልገባም። ቅዳሜ አልገባም። ሰኞ ዳኛቸው ጋ ደወለች።

«በሥራ ቀን ነው የሚቆጠረው መምህርት። ይመጣል።»

«ባይመጣስ?»

«ነገም ይደውሉ። እኔ የትም አልሄድ።»

ማክሰኞም ደወለች። ረቡዕ ስታስተምር ስልኳን ኪሷ ውስጥ ይዛ ነበር፤ ባልነዘረበት ሁሉ የነዘረ እየመሰላት ታወጣዋለች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ፈተና ስታርም በእውነት ነዘረ። አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው፣ ብድግ ስትል ወረቀቶቹ ተበተኑ። ወረቀቱን ሳትሰበስብ የምዝገባውን ገጽ ከፍታ ካርዱን አስገባችና ከፈለች። ካርዱ ላይ የቀረው ከረሜላ እንኳ አይገዛም።

«ገባ?» አሉ አቶ ይሻው።

«ገባ አባየ። ወጣም።»

«እሰይ። በይ እንግዲህ ጉናን አገናኙኝ።»

አሮጌው ስልክ ላይ አሁን ግዢ የሚጠይቀው የይለፍ ቃል ነው፤ ጣት አይበቃውም። የካርዱንም ቁጥር ከስልኩ ላይ አንሥታዋለች። የትዝታን አሻራ ግን አላጠፋችም፤ አባቷ በምን ይደውላሉ? አቶ ይሻው ስልኩን ለትዝታ ዘረጉላት። ማያ ገጹ ላይ የጣት ሥዕሉ መጣ።

ትዝታ እጆቿን ወደ ኋላ ደበቀች።

«ምነው? ንኪልኝ እንጂ!»

«እማየ ትይልኝ» አለች።

እመቤት የተበተኑትን ወረቀቶች እንደያዘች መጥታ ጎንበስ ብላ አየችላት። ሌላ ነገር የለም፤ የሚከፈተው ስልክ ብቻ ነው።

«ንኪ» አለቻት።

ልጅቱ አውራ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገችና ነካች።